ለአበልጅ የተጻፈ የመዘግየት ማስታወቂያ

ጋሼ ደብዳቤ ሲጽፉ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። የተቀባዩን ጤና ይጠይቃሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ስላደረገላቸው መልካም ትብብር ያመሰግናሉ፤ ከዚያ «በዚህ አጋጣሚ» ብለው ወደ ጉዳዩ ጠጋ ይላሉ፤ ሊነኩት ሲሉ ግን ይቅርታ ጠይቀው ይፈርማሉ። እኔ ደግሞ የእሳቸው ተቃራኒ ነበርኩ። «ያንቺን ደብዳቤ ያነበበ ሰው በትር ፍለጋ ዙሪያውን ያያል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ሁለታችን ተጋግዘን አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀን፤ ያ ሳምንት እስካሁን አይረሳኝም።

ነገሩ የሆነው እንጅባራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ነው የሚባለው ወሬ ገና ወሬ በነበረበት ጊዜ። አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን የሚያሠለጥንበት ሕንፃ እያሠራ ነበር፤ መማሪያ ክፍሎች፣ ቢሮዎችና አንድ ትልቅ አዳራሽ። እኔ ለሥራ ተቋራጩ ደብዳቤውንና ስሌቱን የምይዝ ኦፊስ ኢንጂነር ሆኜ በየካቲት ተቀጠርኩ። ቤተሰቦቼ ዳንግላ ስለነበሩ ቅዳሜ ማታ በሚኒባስ እሄድና ሰኞ ጠዋት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ እመለሳለሁ። ቢሯችን በሳይቱ ጥግ የቆመ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ጠዋት ጉሙ በበሩ ይገባል፤ ጋሼም ጋቢያቸውን በኮታቸው ላይ ደርበው ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ።

ጋሼ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሠራተኛው «ኢንጂነር» ይላቸዋል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሼ ነው ያልኳቸው። የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል፤ ይህ ሕንፃ የመጨረሻቸው እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። እንጅባራ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ለቅሶ አይቀሩም፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት ተወካይ ጋር ደግሞ አበልጅ ሆነዋል። ተወካዩ የአካባቢው ተወላጅ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ዝምተኛ ሰው ነበር። በጥር ወር የመጀመሪያ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ጋሼ የክርስትና አባት ሆኑ። ከዚያ በኋላ አንዱ ስለሌላው ሲያወራ «አበልጄ» እንጂ ሌላ ስም አያነሳም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያን ሳምንት ያከበደው ይኸው አበልጅነት ነው።

በመጋቢት አንድ ሰኞ ጠዋት ከዳንግላ ስመለስ የጋሼ ሻይ ሳይጠጣ ቀዝቅዟል። ፊታቸው ከአሠሪው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከባሕር ዳር፣ የመጣ ማስጠንቀቂያ ተዘርግቷል። ሥራው ከመርሐ ግብሩ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ተቋራጩ በቂ ምክንያት ካላቀረበ በውሉ መሠረት እርምጃ ይወሰድበታል ይላል። እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ስልካቸው ጮኸ። የድርጅታችን ባለቤት ከአዲስ አበባ ነው። ጋሼ ተነሥተው ቆመው ነው ያነጋገሩት፤ በስልክ ለምን እንደሚቆሙ አላውቅም። «እሺ» ብቻ ነበር መልሳቸው። ሲጨርሱ ተቀመጡና እንደ ዋዛ ነገሩኝ።

«መዘግየቱ የኛ ከሆነ ሌላ ሰው እልካለሁ ብሏል። እኔ ወደ ቤቴ።»

«መዘግየቱ የኛ አይደለማ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት ውጭ ብረት የሚያጥፉት ልጆች ዞር ሲሉ ነው።

የኛ አልነበረም። የአዳራሹ ጣሪያ መጀመሪያ በእንጨት ነበር የታሰበው። አሠሪው በኋላ በብረት ይሁን አለ። ብረቱን ባሕር ዳር የሚቆርጥና የሚበይድ ዎርክሾፕ ይዘን፣ የሥራ ንድፉን አዘጋጅተን፣ ለማጽደቅ አስገብተናል። ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ ድርጅት አይቶ ያስተካከለውን አስተካክሎ በፍጥነት ለአሠሪው አሳለፈው። እዚያ ግን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ተሰብስቦ አያውቅም። ንድፉን መርምሮ ለመመለስ ውሉ የሰጠው ጊዜ አልፎ፣ ሌላ ወር እየተጋመሰ ነበር። ያልጸደቀ ንድፍ ይዞ ብረት የሚቆርጥ ዎርክሾፕ የለም፤ ቢኖርም አማካሪው አይቀበለውም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ተቋራጭ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው። ውሉ በቆረጠለት ቀን ውስጥ «ይህ ነገር አዘግይቶኛል» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ። ካላሳወቀ፣ እውነት ቢኖረውም የጊዜ ማራዘሚያ የመጠየቅ መብቱ ይቀርበታል። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድም ደብዳቤ አልወጣም። ውሉን አወጣሁና ጋሼን ንድፉ የገባበትን ቀን ጠየቅኋቸው። በኛ እጅ ባለው ቅጂ ላይ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ቀን ብቻ አለ፤ ማኅተም የለውም።

«ቅዳሜ ነበር» አሉ። «ለአበልጄ በእጁ ሰጠሁት።»

«ቢሮ ቅዳሜ ክፍት ነው እንዴ?»

ጢማቸውን አሻሹ። «ክርስትናው ዕለት ነው። ድግሱ ላይ። ንድፉ ከባሕር ዳር ገና መድረሱ ነበር፤ ለምን ሁለት ቀን ይደር ብዬ ይዤው ሄድኩ።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ንዴቴንም እንደዚያው። የአንድ አዳራሽ ጣሪያ በድግስ ቤት፣ በጠጅና በወጥ መካከል ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ ቅዳሜ ተነሥቼ የመመርመሪያውንና የማሳወቂያውን ጊዜ ስቆጥር ማስታወቂያ የምንሰጥበት የመጨረሻው ቀን የዚያው ሳምንት ረቡዕ ሆነ። ሰኞ ነበር።

የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፍኩት በንዴት ነው። እስከዚያ ቀን ማጽደቁ የዘገየውን ንድፍ ሁሉ ሰበሰብኩ። የአጥሩ፣ የጥበቃ ቤቱ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ የአዳራሹ ጣሪያ። የእያንዳንዱን መዘግየት ደመርኩና ይህን ሁሉ ጊዜ ይጨመርልን አልኩ። «የመሥሪያ ቤትዎ ቸልተኝነት» የሚል ቃል ሁለት ቦታ አስገባሁ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር ያስገባሁት።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የሥራ መርሐ ግብር ሄዱ። ትልቅ ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ በአግድም መስመር ተሥሏል፤ አብዛኛው ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ቀይ። ቀዩ ወሳኝ መስመር የምንለው ነው። እርስ በርስ እየተጠባበቁ እስከ ርክክቡ ቀን የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢዘገይ የሕንፃው ማለቂያ አብሮ ይዘገያል። ሰማያዊዎቹ ግን የሚተነፍሱበት ትርፍ ጊዜ አላቸው።

«አጥሩ ቀይ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«የጥበቃ ቤቱስ?»

እሱም ሰማያዊ ነበር። ጋሼ ከደብዳቤ ሌላ ሁሉን ነገር በትክክል ያውቁ ነበር። አጥሩ የቱንም ያህል ጊዜ ቢዘገይ ሕንፃውን አያዘገይም። መደመሩም ስሕተት ነው፤ አራቱ ንድፎች በአንድ ወቅት ነው የዘገዩት፤ አንዱን ሳምንት አራት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። አማካሪው ይህን ቢያይ ስቆ ሁሉንም ይጥለው ነበር፤ ከሐሰቱ ጋር እውነቱንም።

«ጣሪያው ብቻ» አሉ ጋሼ። «እሱ ቀይ ነው። ብረቱ ካልተበየደ አይሰቀልም፤ ካልተሰቀለ ቆርቆሮ አይለብስም፤ ቆርቆሮ ካልለበሰ ውስጡ ኤሌክትሪክ የለም፣ ልስን የለም፣ ኮርኒስ የለም። ክረምት ከገባብን ደግሞ አዳራሽ ሳይሆን ኩሬ ነው የምናስረክበው።»

የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ይህን ቃል በቃል ይረዳዋል። ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ፀሐይ በቀጠሮ ነው የምትወጣው።

ማክሰኞ ሁለተኛውን ረቂቅ ጻፍኩ። ጣሪያውን ብቻ ያዝኩ። ጋሼ አነበቡትና አሁንም ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ቢሙስ?»

ቢሙን ሆን ብዬ ዘልዬው ነበር። የጣሪያው ብረት የሚያርፍበት የላይኛው ቢም፣ ማለትም የኮንክሪቱ አግዳሚ፣ በሲሚንቶ እጥረት በኛው ምክንያት ዘግይቷል። አማካሪው «ብረቱ ቢመጣ እንኳ የምታስቀምጡበት አልነበራችሁም» ሊለን ይችላል። ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነበር።

«እነሱ ከሚያነሡት እኛ እናንሣው» አሉ ጋሼ። «የሰው ዓይን እያየ መደበቅ አልወድም።»

በውስጤ እያጉረመረምኩ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ንድፉ በጊዜው ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ብረቱ መቼ ተበይዶ ከባሕር ዳር ይደርስ እንደነበር አስላሁ። ከዚያ ቢሙ የተሞላበትንና ብረት ለመሸከም የጠነከረበትን ቀን አየሁ። ቢሙ ቀድሟል። ዘግይቶም እንኳ፣ ብረቱ ይደርስ ከነበረበት ቀን በፊት ዝግጁ ነበር። የደበቅኩት ነገር አልጎዳንም፤ ይልቁንም ሕንፃው የቆመው ንድፉን እየጠበቀ ብቻ መሆኑን አሳየ። ለጋሼ ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ እኔ ደግሞ ትንሽ አፈርኩ፤ ከሁሉም በላይ ግን ትንፋሽ አገኘሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስተኛው ረቂቅ አለቀ። «ጉዳዩ፦ የአዳራሹ ጣሪያ ብረት ንድፍ በወቅቱ ባለመጽደቁ ስለተፈጠረ መዘግየት ማሳወቅን ይመለከታል።» ከዚያ ንድፉ የቀረበበት ቀን፣ በውሉ መሠረት መመለስ የነበረበት ቀን፣ እስካሁን አለመመለሱ። የጸደቀ ንድፍ ሳይኖር ብረቱን መሥራት አለመቻሉ። ሥራው በጸደቀው መርሐ ግብር ወሳኝ መስመር ላይ ስለሚገኝ የማጠናቀቂያውን ቀን በቀጥታ የሚገፋ መሆኑ። የቢሙ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር። መዘግየቱ ገና ስላላበቃ ዝርዝር ስሌቱንና የምንጠይቀውን ጊዜ በኋላ እንደምናቀርብ። የውሉ አንቀጽ። ግልባጭ ለአማካሪው። ቸልተኝነት የሚለውን ቃል በሐዘን አወጣሁት።

መብራት ስላልነበረ ወደ ከተማ ሮጬ ጄኔሬተር ያለው ቤት አሳተምኩት። ስመለስ ብዕር ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

ጋሼ አነበቡት፤ እንደገና አነበቡት፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልፈረሙም።

«ደብዳቤው ጥሩ ነው» አሉ። «ግን የሚቀበለው አበልጄ ነው።»

«የሚቀበለው መሥሪያ ቤቱ ነው ጋሼ።»

«መሥሪያ ቤቱ እንጅባራ ላይ ማን አለው? እሱ ነው። ይህን ወረቀት ይዞ አለቆቹ ፊት ሲቆም፣ ‹አበልጅህ ከሰሰን› ይሉታል። ልጁን አቅፌ ክርስትና አንሥቼ፣ ዓመት ሳይሞላ ክስ ልጽፍበት?»

«ክስ አይደለም! ማስታወቂያ ነው። ስሙም ማስታወቂያ ነው።»

«ለአንቺ» አሉ። «አንዴ በቃል ላናግረው። ሰው ሳያናግሩ ደብዳቤ አይላክም።»

ደወሉለት፤ ኔትወርክ የለም። ቢሮው ሄዱ፤ እናቱ ታመው ፈቃድ ወስዶ ጥርባ ሄዷል አሏቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ረቡዕ እንዲሁ አለቀ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከትቼ ፋይሉን በኃይል ዘጋሁት። ለአንድ ሰው ይሉኝታ ተብሎ ሌላ ሰው፣ ያውም ራሱ ባለ ይሉኝታው፣ ከሥራው ሲነሣ ማየት ደሜን አፈላው። ደህና ይደሩ እንኳ አላልኳቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ሳይቱ ላይ ፒክአፑን አስነሥተው ጠበቁኝ። «ግቢ» አሉኝ። «ወረቀትሽንም ያዢው።»

«አልፏል እኮ ጋሼ።»

«ግቢ።»

ጥርባ ቅርብ ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን በጥድና በባሕር ዛፍ መካከል ትንሽ ሄደን አንድ አጥር ደጃፍ ቆምን። ተወካዩ እናቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ባርኔጣቸውን ያስተካክልላቸው ነበር። ሲያየን ደንግጦ ተነሣ። እናቱ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም በአዊኛ መለሰላቸው፤ ከዚያ ለኛ ወደ አማርኛ ዞረ።

«አበልጅ፣ በደህና ነው? በሉ ግቡ፣ ውጭ አትቁሙ።»

ውስጥ ገባን። ጾም ስለነበር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበልን። ጋሼ ስለ እናትየው ጠየቁ፤ ስለ ሕፃኑ ጠየቁ፤ ስለ ድንቹ ዘር ጠየቁ። እኔ በመሐል እየተቁነጠነጥኩ እግሬን አወዛውዛለሁ። በመጨረሻ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ይቺ ልጅ አንድ ወረቀት ጽፋ ነበር» ብለው ጀመሩ። ሁሉንም በኔ ላይ አላከኩት። የማስጠንቀቂያውን ነገር፣ የንድፉን ነገር ተናገሩ፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው እልካለሁ ማለቱን ግን አላነሡም። እኔ አነሣሁት።

ተወካዩ እጁን ዘረጋ፤ ደብዳቤውን ሰጠሁት። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ድንቹን ያዩ ነበር።

«እስካሁን ለምን አልጻፋችሁልኝም?» አለ።

ጋሼ ቀና አሉ።

«ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር ንድፉን አጽድቁ እላለሁ። ‹ተቋራጩ ዘገየሁ ብሎ ጽፏል?› ይሉኛል። አልጻፈም። ‹እንግዲያው ምን አስቸኮለህ?› ይሉኛል። በባዶ እጄ ነው የምመለሰው።»

«አበልጅ፣ በአንተ ላይ መጻፍ ከብዶኝ ነው እኮ» አሉ ጋሼ።

«እኔስ ጻፉብኝ ብዬ ልለምንዎት ነበር? የመሥሪያ ቤቴ ተቀጣሪ ሆኜ?» ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ከዚያ ሳቁን አቆመና ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «አበልጄ ስለሆኑ ነው ደግሞ ወረቀቱ የሚያስፈልገኝ። ወረቀት ሳይኖር አንዲት ቀን ባስጨምርልዎት፣ ለአበልጁ ሰጠው ነው የሚባለው። ወረቀቱ ካለ ግን ውሉ ነው የሰጠዎት።»

ቤቱ ውስጥ የነበረው አየር የተለወጠ መሰለኝ። ጋሼ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አሻሹት፤ ሲያወርዱት ዕድሜያቸው ትንሽ ቀንሶ ነበር። ለካስ ሁለቱም በየፊናቸው አንዱ ለሌላው እየተጨነቀ፣ ሕንፃው መሐል ላይ ተገትሮ ቀርቷል። እኔ ግን ገና መደሰት አልቻልኩም።

«ቀኑ እኮ አልፏል» አልኩ። «ትናንት ነበር የመጨረሻው።»

«ከመቼ ቆጥረሽ?»

«ከቅዳሜ። ከክርስትናው።»

ተወካዩ ወደ ጋሼ ዞሮ አያቸው፤ ጋሼ ወደ ጣሪያው አዩ። «በድግሱ ቀን የሰጡኝን ውሉ አያውቀውም» አለኝ። «በዚያ ቀን እኔ የልጅ አባት እንጂ ተወካይ አልነበርኩም። ንድፉን ሰኞ ጠዋት ነው መዝገብ ቤት ወስጄ ያስገባሁት፤ ለአማካሪውም የተላለፈው በዚያ ቀን ነው። ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽውን ቀን አስተካክዪው፤ አለዚያ ውሸት ይሆናል። ነገ ዓርብ መዝገብ ቤት ክፍት ነው።»

በጣቶቼ ቆጠርኩ። ከሰኞ ከተነሣን የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ድንቹን ያን ጊዜ ነው የበላሁት፤ ሁለት ትልልቅ ድንች፣ ሚጥሚጣው ዓይኔን እስኪያስነባኝ። እናትየው በሩ ላይ ሆነው እያዩኝ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። ልጃቸው «ይቺ ልጅ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም እንዴ? እያሉሽ ነው» አለኝ። እውነታቸውን ነበር።

ልንወጣ ስንል ተወካዩ ጋሼን አጥሩ ደጃፍ ላይ ያዛቸው። «አንድ ነገር ብቻ» አለ። «መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቤቴ አይምጡ። እኔም አልመጣም። አገር እያየን ነው።»

«ፋሲካ አለ እኮ» አሉ ጋሼ።

«ፋሲካም ቢሆን።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳይቱ ስንደርስ ብዕሩን ራሳቸው ፈልገው አወጡ። ቀኑን አስተካክዬ እንደገና አሳተምኩት፤ ፈረሙ። ዓርብ ጠዋት እኔው ራሴ ወደ አሠሪው መዝገብ ቤት ወሰድኩት። የመዝገብ ቤቷ ሴት ማኅተሙን አሳርፋ ቁጥሩን ስትጽፍበት ላቅፋት ቃጣኝ። ቅጂውን ተቀብዬ ወደ አማካሪው ቢሮ ሄድኩ፤ እዚያም አስመታሁ። ስወጣ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ጉሙ ተነሥቶ ነበር፤ ከተማዋም ያን ቀን ቆንጆ መሰለችኝ።

የሆነውም ተወካዩ እንዳለው ነው። ደብዳቤው ባሕር ዳር እንደደረሰ ለወራት ያልተሰበሰበው ኮሚቴ ተሰበሰበ። የጣሪያው ንድፍ ጸድቆ መጣ፤ ዎርክሾፑም ብረት መቁረጥ ጀመረ። እኛ ደግሞ ንድፉ የመጣበትን ቀን ይዘን፣ መርሐ ግብሩን ከነመዘግየቱ አስልተን፣ የሚጨመርልንን ጊዜ ጠየቅን። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ።

ፋሲካ ያለፈው በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው። ጋሼ ለሕፃኑ ነጭ ልብስ ገዝተው ነበር፤ ጥልፍ ያለው፣ ከነኮፍያው። በዓሉ ሲያልፍ ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ማኅተም ልፈልግ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ያ ልብስ በላስቲኩ ውስጥ ሆኖ ያየኛል። ሁለቱ አበልጆች ሳይት ላይ ሲገናኙ እንደ ማንኛውም ተቋራጭና አሠሪ «ጤና ይስጥልኝ» ተባብለው ስለ ብረት ብቻ ያወራሉ። የሚያውቃቸው ሁሉ ተጣልተው ነው ብሎ አወራ። አንድ ፎርማን እንዲያውም ሊያስታርቃቸው ሽማግሌ እየሰበሰበ ነበር፤ በስንት ልመና አስተውኩት።

መልሱ በግንቦት መጨረሻ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ጋሼ ጮክ ብለው ነው ያነበቡልኝ። አማካሪው ስሌታችንን መርምሮ ጥቂት ሳምንት ቀንሶብናል፤ የቀረው ግን ጸድቋል። የማጠናቀቂያው ቀን ክረምቱን አልፎ ተራዘመ፤ ማስጠንቀቂያውም ተነሣ። የቀነሱብን ሳምንት አናደደኝ፤ ልከራከርበት ወረቀት ሁሉ አወጣሁ። ጋሼ «ተይው፣ ይበቃናል» አሉኝ። ባለቤቱ ስልክ ሲደውል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠው አነጋገሩት። ሌላ ሰው የመላክ ነገር አልተነሣም።

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው ነጩን ልብስ አወጡ፤ ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቀለሉት፤ ጃንጥላቸውን አነሡ።

«ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ» አሉኝ። የሥራ አስኪያጅ የኦፊስ ኢንጂነርን ፈቃድ ሲጠይቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ልጄን ልየው።»

በማግስቱ ጠዋት ሻያቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ደርበው አገኘኋቸው።

«ልብሱስ ልክ ሆነለት?» አልኳቸው።

«አይ፣ ጠቦታል። አድጓል እኮ።» ሻዩን ፉት አሉ። «እናቱ ጀርባውን ሳትቆልፍ አልብሳው፣ እኔ ጉልበት ላይ እንዲሁ አመሸ።»